አርባ አንደኛው ሰከንድ

ሰው ስለ ቢሊሴ ሲያወራ «አቤት ጥንካሬ!» ይላል። ምን ጥንካሬ አለ? ቢሊሴ ጠንቃቃ ናት እንጂ ጠንካራ አይደለችም። የሁለቱ ልዩነት ያልገባው ሰው ካለ ይምጣና እኛ ወንበር ላይ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ ያወራልኛል።

ሥራችን እንዲህ ነው። ሰዎች ስልካቸው ላይ የሚዘገንን ነገር ሲያዩ «ሪፖርት» የምትለዋን ይጫናሉ አይደል? ያ የተጫነው ነገር የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። የሚደርሰው እኛ ጋ ነው፤ አዳማ፣ ታች ጫማ ቤትና ፋርማሲ ያለበት ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ። በአማርኛና በኦሮምኛ የተለጠፈው ሁሉ ወረፋ ይዞ ይጠብቀናል። አንዱን ስትጨርስ ሌላው ራሱ ከች ይላል፤ ይሄን ልዝለለው፣ ያንን ልምረጠው የለም። ለእያንዳንዱ ሦስት መልስ አለ፦ ይለፍ፣ ይውረድ፣ ወይም መጋረጃ ይደረግበት። መጋረጃ የምንለው ቪዲዮው ላይ የሚጋረደውን ማስጠንቀቂያ ነው፤ «ይህ ሊረብሽዎ ይችላል» ይላል፣ ማየት የፈለገ ግን ተጭኖ ያያል። በቀን ሦስት መቶ ገደማ በአንድ ሰው እጅ ያልፋል። ስድብ አለ፣ ማጭበርበር አለ፣ ድብድብ አለ፣ ሬሳ አለ።

እኔ ዘርፉ እባላለሁ። ድሮ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ጉድ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ስገባ የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉን ነገር ድምፁን ከፍቼ፣ ከለሩን እንዳለ፣ ፊት ለፊት አየሁት። ጎበዝ መሆኔ ነበር! ዓመት ሳይሞላኝ ሥጋ ቤት በር ላይ ማለፍ አቃተኝ። ልጄ ሲስቅ የሚጮኽ እየመሰለኝ ብድግ እል ጀመር። በሳምንት አንዴ በቪዲዮ የምታናግረን የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች፤ እሷ አንዳንድ ነገር መከረችኝ፣ የቀረውን እኔ ከራሴ አወጣሁት። ከዚያ አዲስ ለሚገባ ሁሉ ማስተማር ጀመርኩ። አሁን ሥራዬ የሌሎችን ውሳኔ እየመረመሩ ማረም ነው፤ ማስተማሩን ግን አልተውኩም።

ቢሊሴ ከባቱ መጥታ የገባችው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እንደሷ የሰማኝ የለም። ያልኳትን በሙሉ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ጽፋ ኮምፒውተሯ ጎን ለጠፈችው። መጀመሪያ ድምፅ ዝጊ። ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጊው፤ ደም ደም መምሰሉን ይተዋል። ሬሳ ካለ ፊቱን አትዪ፤ ከእጁ፣ ከእግሩ፣ ከዳር ጀምሪ። ከባድ ከባዱ አሥር ሲሞላ ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ በረንዳ ላይ ወጥተሽ የጎረቤቱን የማንጎ ዛፍ እዪ። ከሥራ ከመውጣትሽ በፊት ያቺን ጡብ መደርደሪያ ጌም አሥር ደቂቃ ተጫወቺ፤ ዓይን ውስጥ የቀረውን ምስል ታጠፋለች። ማታ ቤት ስትገቢ ስልክ አትነካኪ።

አንድ ሌላም አለ። እሱ ከባለሙያዋም ከመመሪያውም አልመጣም፤ የራሴ ነው። ሲስተሙ ቪዲዮውን በየአምስት ሰከንዱ እየቆረጠ በትንንሽ ፎቶ ይደረድርልናል፤ ረድፍ እንለዋለን። መመሪያው ረድፉን አይተህ ውሳኔው የሟች ፊት በመታየት አለመታየቱ ላይ ከተመሠረተ ቪዲዮውን ሙሉውን አጫውት ይላል። እኔ ምን አልኳት? «ረድፉ ንጹሕ ከሆነ አታጫውቺው፤ ለምን ትጎጃለሽ?» አልኳት። ጻፈችው። መጨረሻ ላይ፣ ከስሩ አስምራበት።

ሠርቶላታል እኮ! ከሷ ጋር የገቡት ስንቶቹ በስድስት ወር ሄዱ። አንዱ መጠጥ ጀመረ፣ አንዷ እንቅልፍ አጥታ ቤተሰቦቿ ጠበል ወሰዷት። ቢሊሴ ግን ቀጥ ብላ ትሠራለች፣ በሰዓቷ ትነሳለች፣ ማንጎዋን ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ከውሳኔዎቿ መቶውን ብመረምር ዘጠና ስምንቱ ልክ ነው። ኮራሁባት፣ ምን እዋሻለሁ።

ታላቅ ወንድሟ ገርባ ይባል ነበር። ከባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት በአይሱዙ ወደ አዳማ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው። በሳምንት አንዴ ሕንፃችን በር ላይ ይቆምና ደውሎ «ውረዱ!» ይለናል፤ ለሁላችንም በካርቶን ቲማቲም ይዞ ነው የሚመጣው። ቢሊሴ ስለ ሥራዋ ምንም አትነግረውም፤ ስንቀጠር ያየነውን ላናወራ ፈርመናል። «ኢንተርኔት እናጸዳለን» ብላው ነበር መሰለኝ።

«እትዬ ዘርፉ፣ ኢንተርኔት በምንድን ነው የሚጠረገው? መጥረጊያ ላምጣላችሁ?» ይለኛል።

«ሂድ ወዲያ! አንተ መጀመሪያ መኪናህን እጠብ» እለዋለሁ።

ሳቁ ይሰማኛል አሁንም።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከባቱ ወጣ ብሎ መንገዱ ላይ፣ ገርባ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨና ሞተ። ቢሊሴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሠራ ነበር፤ አላወቀችም። እናቷ አዴ ጉዲቱም ባቱ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ፤ አላወቁም። አጎታቸው ኦቦ ዱጋሳ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡና እንደ ወጉ ተመካከሩ። መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ የሚይዝ የሚደግፍ አጠገብ ሆኖ ነው የሚነገረው። አርብ ጎህ ሲቀድ ለእናት ባቱ፣ ለእህት አዳማ እንዲነገር ተስማሙ። እስከዚያ አፍ ሁሉ ተዘጋ።

አፍ ቢዘጋ ስልክ መች ይዘጋል? አደጋው ቦታ ከነበሩት አንዱ ቀርጾት ነበር። ይሄ አሁን አመል ሆኗል፤ ሰው ከማንሳት በፊት ስልክ ማንሳት። እግዜር ይይላቸው! ቪዲዮው ተለጠፈ፣ ሰው ሪፖርት አደረገው፣ ወረፋ ያዘ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አመሻሽ ላይ የአዴ ጉዲቱ ጎረቤት ወይዘሮ ቡዜ ስልኳን ይዛ ገባች። ክፋት የላትም፤ ምንም አልሰማችም። መጋረጃ ያለበት ቪዲዮ ደርሷት ተጭና ከፍታዋለች፤ የመኪናው ቀለም ገርሟት ነው የመጣችው። «አዴ ጉዲቱ፣ ይሄ አይሱዙ የገርባን አይመስልም?» አለቻቸው። እናት ስልኩን ተቀብለው አዩ። የሚይዛቸው አልነበረም፣ የሚደግፋቸው አልነበረም። ልጃቸውን አስፋልት ላይ ተዘርግቶ በገዛ ዓይናቸው አዩት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቃል አልተናገሩም።

ለቢሊሴ አርብ ንጋት በወጉ ተነገራት። እኔም ሄጄ አልቅሻለሁ። ለቅሶ ላይ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «እናቴን በስልክ! እናቴን በስልክ ገደሏት! ማነው ያንን ያሳለፈው?» ሰው የሐዘን ንግግር መስሎት «አይዞሽ» ይላታል። እኔ ግን ቃሏ ገባኝ። «ማን ለጠፈው» አላለችም። «ማነው ያሳለፈው» ነው ያለችው። ጥያቄዋ የሥራ ጥያቄ ነበር።

ማክሰኞ ቢሮ ተመለስኩና ያለፈውን ሳምንት ውሳኔዎች መመርመር ጀመርኩ። ሲስተሙ ራሱ ነው እያወጣ የሚሰጠኝ፤ ማን እንደወሰነ መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። አንዱ የመኪና አደጋ ነበር። ውሳኔው፦ መጋረጃ። ምክንያቱ፦ ሬሳ አለ፣ ተሸፍኗል፣ ፊት አይታይም። ረድፉን አየሁት። ጨርቅ የለበሰ ሰው፣ የተገለበጠ መኪና፣ የተበተነ ነገር። ንጹሕ ነው። እኔ የማርም ሰው ነኝና ማጫወት ግዴታዬ ነው፤ ድምፁን ከፍቼ አጫወትኩት።

ድምፁ ቀድሞ መታኝ። ሰዎች እየጮኹ ነው፦ «ገርባ! ገርባ!» አንዱ በኦሮምኛ ያለቅሳል። አስፋልቱ ላይ የተበተነው ቲማቲም ነው። አርባ አንደኛው ሰከንድ ላይ ነፋስ ይሁን ሰው እንጃ፣ ጨርቁን ገለጠው። ፊቱ ታየ፤ ጥርት ብሎ። አርባ አራተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ መልሰው ሸፈኑት። ረድፉ ላይ አርባ አለ፣ ቀጥሎ አርባ አምስት ነው። በመሃል ወደቀ።

የሟች ፊት ከታየ መጋረጃ አይበቃም፤ ይወርዳል። ውሳኔው ስህተት ነው ማለት ነው። ወደታች ወርጄ ማን እንደወሰነ አየሁ። ቢሊሴ። ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። የወሰደባት አሥራ አንድ ሰከንድ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ዕረፍት ወጥታ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ አብሬያት ነበርኩ፤ ማንጎውን እያየን ብርቱካን ልጣ ሰጥታኛለች።

አፈር ልብላ። ጥቁርና ነጭ ያደረገችው እኔ ስላልኩ ነው፤ ቲማቲሙን ብታይ ታውቀው ነበር። ድምፅ የዘጋችው እኔ ስላልኩ ነው፤ ስሙን ብትሰማ ታውቀው ነበር። ያላጫወተችው እኔ ስላልኩ ነው። ወንድሟን አጠገቧ አምጥተው አስቀመጡላት፣ እሷ ደግሞ እንዳስተማርኳት በጥንቃቄ ከዳሩ አይታ አሳለፈችው። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

አሁን ችግሩ ይሄ ነው። ቪዲዮው ገና አለ፤ ሰው እየተጫነ ያየዋል። እንዲወርድ ከተፈለገ ውሳኔውን ስህተት ብዬ ማረም አለብኝ። ስህተት ስል ደግሞ ሲስተሙ ራሱ ለወሰነው ሰው ማስታወቂያ ይልካል፤ ከነቪዲዮው፣ ስህተቱ ያለበት ሰከንድ ላይ አስቁሞ። ቢሊሴ ሰኞ ትመለሳለች። ኮምፒውተሯን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው የወንድሟን ፊት ይሆናል፣ ከስሩም «የእርስዎ ውሳኔ» የሚል። ልክ ነው ብዬ ካለፍኩት ግን እሷ መቼም አታውቅም፤ ገርባም እንደተዘረጋ ለአላፊ አግዳሚው ይቀራል።

ስህተት አልኩት። ወረደ። ተመሳሳዩን ቅጂም ሲስተሙ ራሱ እየፈለገ ያወርዳል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቡድን መሪያችን ያቤጽ ሄድኩ። ያቤጽ ጸሎተኛ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን መመሪያ ይፈራል።

«ማስታወቂያውን አጥፋው» አልኩት።

«አልችልም፣ ዘርፍዬ። ከኛ እጅ አይጠፋም። ሥራውን የሰጠን ድርጅት ነው የሚችለው፣ እሱም ጥያቄ ቢቀርብለት ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

«እንግዲያው ወረፋዋን ቀይርላት።»

«ወደ ማጭበርበሩ ወረፋ አዛውራታለሁ፤ ሬሳ አታይም። ማስታወቂያው ግን ከስሟ ጋር ይሄዳል።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጌታ ሆይ! እኔ ቀድሜ ልክፈትላት?»

«በሷ ስም መግባት ክልክል ነው፣ ታውቃለህ። ደግሞስ ምን ይጠቅማል? እሷ ማን እንዳሳለፈው ሳትጠይቅ የምትኖር ይመስልሃል? አንድ ቀን መዝገቧን ፈልጋ ታገኘዋለች፤ ብቻዋን።»

ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት። እናቷን ስልክ ነገራቸው። እሷን ኮምፒውተር አይነግራትም። ሰው ይነግራታል፤ በወጉ፣ ንጋት ላይ።

«መመሪያው ከቢሮ ውጭ ስለ ቪዲዮ አታውሩ ይላል» አለ ያቤጽ ቀስ ብሎ።

«መመሪያው ወንድሟን አያውቀውም!» ብዬ ጮህኩበት። ቢሮው በሙሉ ዞረ። ትንሽ አሰበና «ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አለኝ። ተባረክ፣ በዚያች ቃል ያለፈውን ሁሉ ይቅር አልኩት።

ሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እኔ፣ ያቤጽና የቢሊሴ ወንበር ጎረቤት ፎዚያ ቢሊሴ የተከራየችበት ግቢ በር ላይ ቆምን። ፎዚያ ዳቦና ቴርሞስ ይዛለች። ብርዱ ትንሽ ትንሽ ይነክሳል፤ ባጃጆቹ ገና መንቀሳቀስ መጀመራቸው ነው። አንኳኳሁ።

አንድ ነገር አላሰብኩም ነበር፤ ሞኝነቴ! ቢሊሴ በሩን ከፈተች፣ ሦስታችንንም ነጠላ ለብሰን በጎህ ቆመን አየችን። ሰው እንዲህ ሆኖ በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ ከአሥር ቀን በፊት አይታዋለች። በሩን ይዛ ቁጭ አለች።

«እማዬ ናት? እማዬ ናት አይደል?»

«ኧረ ደህና ናቸው! እናትሽ ደህና ናቸው! በልጄ እምልልሻለሁ!» አልኩ እላይዋ ላይ ወድቄ። ፎዚያ ሮጣ ስልክ ደወለች፤ አዴ ጉዲቱ እስኪያነሱ ድረስ አላመነችንም። «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት እንዳደረች ሲጠይቁ ድምፃቸውን ከሰማች በኋላ ነው የተነፈሰችው። እኔ ግን ራሴን ረገምኩት። ከመርዶ ላድናት ብዬ ሌላ መርዶ አስጠጥቻት ነበር።

ክፍሏ ገባን። አልጋው ላይ አስቀመጥናት፤ ፎዚያ በቀኝ፣ ያቤጽ በር አጠገብ፣ እኔ ፊት ለፊቷ ዱካ ላይ። ዳር ዳር ማለት አላውቅበትም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቪዲዮው በወረፋዋ እንደመጣ፣ መጋረጃ እንዳደረገችበት፣ ስህተት ብዬ እንዳረምኩት፣ ዛሬ ኮምፒውተሯን ስትከፍት እንደሚጠብቃት። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ረድፉ ንጹሕ ከሆነ አታጫውቺ ያልኩሽ እኔ ነኝ። መመሪያው አላለም። እኔ ነኝ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሥራ ላይ እንደምትቀመጠው ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ፊቱ ይታያል?» አለችኝ።

«ይታያል።»

«ስንተኛው ላይ?»

«አርባ አንድ። አርባ አራት ላይ ይሸፈናል።»

ጣቶቿን ቆጠረች። «አርባን አየሁት» አለች። «አርባ አምስትንም አየሁት። እጁን አስታውሳለሁ። ከእጁ ነው የጀመርኩት። ሰዓት አስሮ ነበር። የሹፌር ሰዓት ብዬ አለፍኩት። እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

ፎዚያ ዳቦውን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። ያቤጽ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ወርዷል?»

«ማክሰኞ ወርዷል። ቅጂውም እየወረደ ነው።»

«እሺ።» ራሷን ነቀነቀች፤ ያረምኩላትን ስትቀበል እንደምትነቀንቀው። «ልክ ነው። ይወርዳል እንጂ መጋረጃ አይበቃውም።» ውጭ ውሃ የሚቀዳ ሰው ባልዲ ሲያስቀምጥ ተሰማ።

«አንቺ ድምፁን ከፍተሻል?» አለችኝ።

«ከፍቻለሁ።»

«ሰው ነበር አጠገቡ?»

«ብዙ ሰው ነበር። የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። የሸፈኑትም ሽማግሌ አክብረው ነው የሸፈኑት።»

«ምን ይላሉ?»

«ስሙን ይጠራሉ፣ ቢሊሴ። መጀመሪያም መጨረሻም ስሙን ብቻ ነው የሚጠሩት።»

ዓይኗን ከደነች። «ጥሪው» አለችኝ። «እነሱ እንደጠሩት።»

ምን ላድርግ? አዳማ ውስጥ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ አራት በአራት በሆነች ክፍል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ገርባ! ገርባ!» አልኩ። የግቢው ሰው ምን ሆነ ብሎ ወጣ። እሷ ዓይኗን እንደከደነች ሰማችኝ፤ እስክጨርስ ጆሮዋን አልያዘችም። ከዚያ አለቀሰች፤ ያን ቀን ቢሮ አልሄደችም።

ሐሙስ መጣች። ያቤጽ ማስታወቂያውን አጠገቧ ቆሞ ነው ያስከፈታት፤ አላጫወተችውም፣ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ብቻ ተጫነች። ከዚያ ኮምፒውተሯ ጎን ያለውን ወረቀት ነቀለችና ወንበሬ ድረስ አመጣችልኝ። የመጨረሻዋን መስመር፣ ያሰመረችባትን፣ «አታጫውቺው» የምትለዋን፣ በመቀስ ቆርጣ አውጥታታለች፤ የቀረውን መልሳ ለጠፈችው።